ረጅም ቀሚስ በፎቶ ላይ፦ ጠርዙ እግርና ጫማ ላይ ተፈጥሯዊ ሆኖ እንዲወርድ

ጉልበት ላይ የሚያበቃ ቀሚስን በፎቶ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ለማስረዘም የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ጨርቁ ነው። ቀለሙ ይመሳሰላል ወይ? አዲሱ ክፍል ከነባሩ ጋር ሲጋጠም መስመሩ ይታያል ወይ? ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የሚያስቸግር አይደለም። ፎቶውን የሚያጋልጠው ከታች ያለው አንድ ስንዝር ቦታ ነው፤ ጠርዙ፣ እግሩ፣ ጫማውና ወለሉ የሚገናኙበት። ተመልካቹ ስህተቱን በስም ባይጠራውም «ይህ ቀሚስ ተለጥፏል» የሚለው ያንን ቦታ አይቶ ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። አንዲት ሴት ቤት ውስጥ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ ቆማለች። የሰውነቷ ክብደት ያረፈው በፎቶው ላይ በስተግራ በሚታየው እግሯ ላይ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ጉልበቷ ትንሽ ታጥፎ እግሩ ወደ ፊት ወጥቷል። ግራና ቀኝ ስል ሁልጊዜ በፎቶው ላይ የሚታየውን ማለቴ ነው። ብርሃኑ ከግራ በኩል፣ ከፍ ካለ መስኮት ይመጣል። ወለሉ አራት ማዕዘን ሴራሚክ ነው። ቀሚሷ ጌጥ የሌለው፣ መካከለኛ ክብደት ያለው ጨርቅ ነው፤ ጫማዋ ተረከዝ የለውም። ከአናቷ እስከ ጫማዋ ድረስ 3200 ፒክስል ነው፤ ቁመቷን 160 ሴ.ሜ. ብንወስድ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ መጀመሪያ መያዝ ይጠቅማል፤ ከዚህ በኋላ የምናደርገውን ሁሉ በዓይን ግምት ሳይሆን በሴንቲ ሜትር እያሰብን እንድንሠራ ያስችለናል።

ጠርዙ መስመር አይደለም፣ ክብ ነው

ቀሚስ እግርን ዙሪያውን የሚከብ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ከሰውየው ፊት ጀምሮ በጎን ዞሮ ከኋላ የሚገናኝ ክብ ነው። ካሜራው ከጠርዙ ከፍ ብሎ ሲያየው ያ ክብ ሞላላ ሆኖ ይታያል። ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ስኒ ከላይ ሲታይ ለእኛ የሚቀርበው የአፉ ክፍል ወደ ታች እንደሚጎብጥ፣ የቀሚሱ የፊት ጠርዝም ወደ ታች ይጎብጣል። ቀሚስ ተለጥፎ የሚታይበት ዋናው ምክንያት ይህ ጉብጠት መጥፋቱ ነው፤ ጠርዙ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ይቀራል።

ምን ያህል ይጉበጥ? መልሱ በራሱ በፎቶው ውስጥ አለ። ከእግሯ አጠገብ ያለውን፣ ጎኑ ከፎቶው ጋር ትይዩ የሆነ አንድ ሴራሚክ ለኩ። በእውነቱ ወርዱና ርዝመቱ እኩል ነው፤ በፎቶው ላይ ግን ወደ ኋላ የሚሄደው ጎኑ አጥሮ ይታያል። በእኛ ፎቶ ወርዱ 800 ፒክስል፣ ወደ ኋላ ያለው ጥልቀቱ ደግሞ 200 ፒክስል ነው እንበል። ጥልቀቱ የወርዱ አንድ አራተኛ ነው ማለት ነው። ወለሉ ላይና ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ማንኛውም ጠፍጣፋ ነገር በዚህ ካሜራ ፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ርዝመቱ በግምት በአራት ይካፈላል። ካሜራው 4 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም የሚሰጠው ዕይታ ለዚህ ይቀርባል።

አሁን ቀሚሱን እንለካ። ጠርዙ ከጎን እስከ ጎን 60 ሴ.ሜ. ስፋት አለው እንበል፤ ይህ 1200 ፒክስል ነው። ሰው ከፊት ወደ ኋላ ከጎኑ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ከፊት እስከ ኋላ 40 ሴ.ሜ. ቢሆን ተገቢ ነው፤ 800 ፒክስል ሆኖ በአራት ሲካፈል 200 ይቀራል። የምናየው የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ስለሆነ የጠርዙ መካከል ከሁለቱ ጎኖች 100 ፒክስል ዝቅ ይላል። በባዶ ሌየር ላይ 1200 በ200 ፒክስል የሆነ ሞላላ ሣሉና የታችኛውን ግማሹን እንደ መመሪያ ያዙት። ጎኖቹ ላይ ልብ በሉ፦ የሞላላው መስመር እዚያ ሹል ማዕዘን አይሠራም፤ ወደ ኋላ ይዞራል። ስለዚህ የቀሚሱ የጎን መስመር ከጠርዙ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ክብ ብሎ መታጠፍ አለበት። ሹል ማዕዘን ካለ ዓይን ወዲያው ጠፍጣፋ ነገር ያያል።

ወለሉ ሴራሚክ ካልሆነ የካሜራውን ከፍታ ከአድማሱ መስመር ማግኘት ይቻላል። ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ትይዩ መስመሮችን፣ ለምሳሌ የምንጣፍ ጎኖችን፣ እስኪገናኙ አስረዝሙ። በመገናኛቸው የሚያልፈው አግድም መስመር የሴትዮዋን ሰውነት የሚያቋርጥበት ቦታ የካሜራው ከፍታ ነው። ወገቧ ላይ ካለፈ ካሜራው በወገቧ ከፍታ ነበር። መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወይም ፎቶግራፍ አንሺው በቀረበ ቁጥር ጉብጠቱ ይጨምራል። ርቀው በረጅም ሌንስ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ጉብጠቱ በጣም ትንሽ ነው፤ እዚያ ላይ አብዝቶ ማጉበጥም ያው ስህተት ነው።

የጠርዙን ከፍታ ለመወሰን የቆመችበትን እግር ጫማ ተጠቀሙ። የዚህ ዓይነት ቀሚስ የፊት ጠርዝ በግምት ከጫማው አፍንጫ በላይ ያንዣብባል። ጠርዙ ከወለሉ 6 ሴ.ሜ. ከፍ እንዲል ከፈለግን የጫማው አፍንጫ ወለሉን ከነካበት ቦታ 120 ፒክስል ወደ ላይ እንለካለን፤ የሞላላው ዝቅተኛ ነጥብ እዚያ ይቀመጣል። በዚህ ልክ ሲሠራ ከዚያ ጫማ የሚታየው የፊተኛው ክፍሉ ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱም ሆነ የጫማው አፍ መታየት የለባቸውም። ብዙ ሰው ጫማው ያምራል ብሎ ሙሉውን ይተወዋል፤ ያኔ ግን ቀሚሱ ከእግሩ ኋላ የተሰቀለ ይመስላል።

ማዕበሉ ከየት ይመጣል

ሞላላው መመሪያ ነው እንጂ የመጨረሻው ጠርዝ አይደለም። እውነተኛ ጠርዝ ይወዛወዛል። ግን እንደ ፈለገ አይወዛወዝም፤ እያንዳንዱ ከፍታና ዝቅታ ከላይ ከሚወርድ አንድ እጥፋት ጋር የተያያዘ ነው። እጥፋት የሚጀምረው ጨርቁ ከሚንጠለጠልበት ቦታ ነው፤ ከወገብ፣ ከዳሌ፣ ወደ ፊት ከወጣ ጉልበት። ከዚያ ወደ ታች ሲሄድ እየሰፋ ይመጣል። ጉልበት ላይ 2 ሴ.ሜ. የነበረ እጥፋት ቁርጭምጭሚት ጋ ሲደርስ 4 ወይም 5 ሊሆን ይችላል። ነባሩን ጨርቅ ቀድቶ ወደ ታች መለጠፍ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ እጥፋቶቹ ተመሳሳይ ስፋት ይዘው ሲደጋገሙ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች የወረደ አይመስልም።

እጥፋቱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ የሚሆነውን በቅርበት እንየው። ወደ እኛ የወጣው የእጥፋቱ ጉብታ ለካሜራው ስለሚቀርብ፣ ካሜራውም ከላይ ስለሚያይ፣ የጉብታው ጠርዝ በፎቶው ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ወደ ውስጥ የገባው ስርጉድ ደግሞ ስለሚርቅ ከፍ ይላል። ጉብታው 4 ሴ.ሜ. ወደ ፊት ከወጣ በእኛ ፎቶ ላይ ልዩነቱ 20 ፒክስል ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚያርፍበትን የጉብታ መስመር ከላይ ተከትላችሁ ስትወርዱ የጠርዙ ዝቅታ ላይ መድረስ አለባችሁ፤ ጨለማውን ስርጉድ ተከትላችሁ ስትወርዱ ደግሞ ከፍታው ላይ። ይህ ከተዛባ፣ ማለትም ጨለማው መስመር በዝቅታው ላይ ካረፈ፣ ጨርቁ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ይመስላል፤ ምክንያቱን ለማግኘት ረጅም ሰዓት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ጥልቅ እጥፋት ባለበት ቦታ የጠርዙ መስመር ሳይቋረጥ አይሄድም። የፊተኛው ጉብታ ከኋላው ያለውን ጨርቅ ይሸፍናል፤ መስመሩ ጉብታው ላይ ዞሮ ይጠፋና ከጎኑ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንዲህ ያለ መቋረጥ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ ቢኖር ጠርዙ ጥልቀት ያገኛል። ሙሉ ጠርዙን በዚህ መሙላት ግን አያስፈልግም።

ጉልበቱ ጨርቁን ሲገፋው

በስተግራ ያለው እግር ክብደቱን ስለተሸከመ በዚያ በኩል ጨርቁ ከዳሌዋ ተንጠልጥሎ ሳይነካካ ይወርዳል፤ ባቷ ከውስጥ አይታወቅም። በስተቀኝ ያለው ጉልበት ግን ጨርቁን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከወገብ እስከ ጉልበት ጨርቁ በመጠኑ ይወጠራል፣ እጥፋትም አይኖረውም፤ ከጉልበቱ ጀምሮ ደግሞ ሰውነቱን ለቆ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ካልነፈሰ ወይም ጨርቁ በጣም ስስ ካልሆነ የባት ቅርጽ ከጉልበት በታች መታየት የለበትም። ከጨርቁ ሥር የነበረውን የእግር ብርሃንና ጥላ ማስክ ላይ ሳያጠፉ መተው ቀሚሱን ከእግሩ ጋር የተጣበቀ ሱሪ ያስመስለዋል።

ይህ ጉልበት ጠርዙን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ያንቀሳቅሰዋል። ጨርቁ 10 ሴ.ሜ. ወደ ፊት ሲገፋ በፎቶው ላይ 50 ፒክስል ዝቅ ይላል፤ ለካሜራው ቀርቧልና። በሌላ በኩል ጨርቁ ጉልበቱን ዞሮ ለመውረድ የተወሰነ ርዝመት ስለሚበላ ጠርዙ በእውነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም 20 ፒክስል፣ ወደ ላይ ይሳባል። ሁለቱ ሲጣመሩ የቀኙ ጠርዝ ከመመሪያው ሞላላ 30 ፒክስል ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ፊት የወጣው ጫማ ወለሉን የነካበት ነጥብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ በጠርዙና በጫማው ሥር መካከል ያለው ክፍተት በቀኝ በኩል ከግራው ሰፋ ይላል፤ ከዚህኛው ጫማ የበለጠ ክፍል ይታያል። ሁለቱም ጫማዎች እኩል ተሸፍነው ካየሁ ጠርዙ ሳይታሰብበት እንደተቀመጠ እገምታለሁ።

በሥራው ላይ እንዲህ ይደረጋል። ነባሩን ጠርዝ ወደ ታች አትለጥጡት። ጠርዙ ታጥፎ የተቀመቀመ፣ ስፋቱ የማይለወጥ ጥብጣብ ነው፤ የስፌቱም መስመር ከጫፉ እኩል ርቀት ይዞ ይሄዳል። ሲለጠጥ በአንድ በኩል 2 ሴ.ሜ.፣ በሌላ በኩል 4 ሴ.ሜ. ይሆንና ይጋለጣል። ይልቁንም ጠርዙን ከነስፌቱ ቆርጣችሁ በራሱ ሌየር ወደ ታች አውርዱት፤ መካከሉን ከነባሩ ጨርቅ በተቀዱ ቁራጮች፣ እጥፋቶቹን ወደ ታች እያሰፋችሁ ሙሉት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ በፎቶሾፕ Convert to Smart Object ስጡትና Puppet Warp ክፈቱ። ፒን የሚተከለው እጥፋቱ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ነው፦ ዳሌው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም በጠርዙ ጉብታዎችና ስርጉዶች ላይ። የላይኞቹ ፒኖች ጨርቁን ይይዛሉ፤ የሚንቀሳቀሱት የጠርዙ ብቻ ናቸው። የተቀመቀመ ጠርዝ ድርብ ስለሆነ ከላዩ ካለው ጨርቅ ይልቅ ደርቆ ይታጠፋል። ማዕበሉም ሰፋ ያለና ለስላሳ መሆን አለበት፤ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ የሚንቀጠቀጥ ጠርዝ የ Liquify ብሩሽ ምልክት ነው።

ጫማው ላይ ያርፋል ወይስ ያንዣብባል?

ጠርዙ ጫማውን ይነካ እንደሆነ ከመጀመሪያው ወስኑ፤ ጥላው የሚሠራው በዚህ ውሳኔ መሠረት ነውና። በእኛ ፎቶ በስተግራ ያለው ጠርዝ አይነካም፤ ከጫማው በላይ ያንዣብባል። በስተቀኝ ያለው ግን ጫማው ከጉልበቱም አልፎ ወደ ፊት ስለወጣ ጨርቁ ወርዶ ጣቶችና ቁርጭምጭሚት መካከል ባለው የእግር አናት ላይ ያርፋል።

ሲያርፍ ሦስት ነገር ይሆናል። ጠርዙ በነካበት ቦታ ተይዞ ይቀራል፤ ከእግሩ ግራና ቀኝ ያለው ጨርቅ ግን የሚይዘው ስለሌለ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ ጠርዙ በጫማው ላይ ትንሽ ቅስት ይሠራል። ከነካበት ቦታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ደግሞ ጨርቁ ስለተገታ አንድ አጭር አግድም ስብራት ይፈጠራል፤ ከሥሩ ጥላ፣ ከላዩ ብርሃን ያለው። ሦስተኛው የመነካካት ጥላ ነው። ጨርቁ ጫማውን በነካበት መስመር ላይ ብርሃን መግቢያ ስለሌለው ጠባብና ጥቁር ጥላ ይኖራል፤ በዚህ የፎቶ መጠን ከ3 እስከ 5 ፒክስል ስፋት፣ ጫፉም ብዙም ያልደበዘዘ።

በሚያንዣብበው በኩል ያ ጠባብ መስመር መኖር የለበትም። እዚያ ያለው የጠርዙ ጥላ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ስለሚመጣ ወደ ቀኝ ተሸሽቶ ጫማው ላይ ይወድቃል፣ ጫፉም ይደበዝዛል። ጨርቁ ከጫማው በራቀ ቁጥር ጥላው ይለሰልሳል። በሁለቱም ጫማዎች ላይ አንድ ዓይነት ጥላ መቀባት የሚታየው ትልቁ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠርዙ የትኛውን እንደነካ ለዓይን የሚነግረው ጥላው ብቻ ነውና።

ለዚህ ሌየሮቹ በቅደም ተከተል ይደርደሩ። ከሁሉ በታች ወለሉ፣ በላዩ የወለል ጥላ፣ ከዚያ ጫማዎቹ፣ በጫማዎቹ ላይ ብቻ እንዲታይ የታሰረ የጥላ ሌየር፣ ከሁሉ በላይ ቀሚሱ። የጥላው ሌየር Multiply ላይ ይሁን፤ ቀለሙ ግን ጥቁር አይሁን፣ ከራሱ ከጫማው ጨለማ ክፍል ይወሰድ። ጫማው የሚያብረቀርቅ ቆዳ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ፎቶው ሲነሳ ቀሚሱ አጭር ስለነበር የመስኮቱ ብርሃን ጫማው አናት ላይ ነጭ ነጸብራቅ ጥሏል። አሁን ጨርቁ ያንን መስኮት ጋርዶታል። ነጸብራቁን በ Multiply ብታጨልሙት ወደ ግራጫ እድፍ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። መጀመሪያ በ Clone Stamp አንሡት፣ ከዚያ ጥላውን አስቀምጡ።

የወለሉ ጥላ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በነባሩ ፎቶ ወለሉ ላይ የሁለት ቀጫጭን እግሮች ጥላ ነበር፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ግን አንድ ሰፊ ጥላ ነው ያላት። የእግሮቹን ጥላ አጥፍታችሁ የቀሚሱን ቅርጽ በመገልበጥና በማጋደል አዲስ ጥላ ሥሩ፤ አቅጣጫውን በክፍሉ ውስጥ ካለ ሌላ ዕቃ ጥላ ቅዱ። ጠርዙ ከወለሉ 6 ሴ.ሜ. ከፍ ስላለ ይህ ጥላ ከጠርዙ ጋር አይገናኝም። ወለሉ ላይ ከሰውነቷ ጋር የሚገናኘው በጫማዎቹ ሥር ብቻ ነው፤ ከቀሚሱ ሥር ያለውም ወለል ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየጨለመ ይሄዳል።

የኋላው ጠርዝ

ጠርዙ እንደኛ ፎቶ 6 ሴ.ሜ. ላይ ሲሆን የኋላው ጠርዝ አይታይም። ከፊተኛው ጠርዝ ሥር የሚያልፈው ዕይታ ወደ ታች ስለሚወርድ 24 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ወለሉን ይመታል፤ የኋላው ጠርዝ ያለው ግን 40 ሴ.ሜ. ላይ ነው። ሴትዮዋ ብትራመድ ወይም ቀሚሷን በእጇ ብታነሳና የፊቱ ጠርዝ 20 ሴ.ሜ. ላይ ቢደርስ ነገሩ ይለወጣል። ያው ዕይታ ከኋላው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ገና 10 ሴ.ሜ. ከፍታ ላይ ነው፤ የኋላው ጨርቅ ደግሞ እስከ 6 ሴ.ሜ. ይወርዳል። ስለዚህ የኋላው ጨርቅ ውስጠኛ ገጽ 4 ሴ.ሜ. ያህል፣ ወደ 80 ፒክስል፣ በእግሮቿ መካከልና ግራ ቀኝ መታየት አለበት። ይህ ክፍል ከጫማዎቹ ሌየር በታች ይገባል፣ የጨርቁ የውስጥ ገጽ ስለሆነም ከፊቱ በጣም ይጨልማል፤ ጠርዙም እንደ ፊተኛው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይጎብጣል። ያለ እሱ ቀሚሱ ከፊት የታሰረ ሽርጥ ይመስላል።

ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ላይ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ ይዳከማል። ከኋላ መስኮት ካለ የእግሮቹ ቅርጽ በጨርቁ ውስጥ መታየት አለበት፣ እጥፋቶቹ የሚደራረቡበትም ቦታ ሁሉ ይጨልማል፤ ይህን ከአጭር ቀሚስ ፎቶ ተነስቶ አሳማኝ አድርጎ መሥራት በጣም ከባድ ነው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲያጋጥም ተመሳሳይ ጨርቅ ያለው ረጅም ቀሚስ በዚያው የካሜራ ከፍታና በዚያው የብርሃን አቅጣጫ ማንሳትና የታችኛውን ክፍል ከዚያ መውሰድ ይሻላል።